«አላመመኝም እኮ»

ኮምቦልቻ ባለው ጤና ጣቢያችን ለክትትል የመጣችው በቀጠሮዋ ቀን ነው፤ 31 ሳምንት ሆኗታል። ግፊቷን እየለካሁ እንደ ልማዴ «ደም አይተሽ ነበር?» አልኳት።

«ከትናንት በስቲያ ሌሊት ትንሽ አይቼ ነበር።»

«ትንሽ ስትይ?»

«አንሶላው ርሶ ነው የነቃሁት። ሁለት ሞዴስ ቀየርኩ፣ ሲነጋ ቆመ።»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልመጣሽም?»

«አላመመኝም እኮ! ደግሞ አንቺው ራስሽ ‹አብሽሪ፣ ወደ ላይ ይሄዳል› ብለሽኝ አልነበር?»

ብያታለሁ። በ22 ሳምንቷ አልትራሳውንድ ስትታይ የእንግዴ ልጁ ዝቅ ብሎ የማህፀን በሯ ላይ እንደደረሰ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ስትደነግጥ ያን አልኳት። ሐሰት አልነበረም። በዚያ ዕድሜ ዝቅ ብለው ከሚታዩት ከ10 ዘጠኙ ያህል እስከ መውለጃው ከበሩ ይርቃሉ። የእንግዴ ልጁ ራሱ ተነቅሎ አይሄድም፤ የማህፀኑ የታችኛው ክፍል እያደገ ሲለጠጥ ጠርዙን ከበሩ እያራቀ ይወስደዋል እንጂ። በ32 ሳምንት ድገሚ ብለን የምንቀጥረውም ለዚህ ነው። ያኔም ከበሩ 2 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ከቀረ ዝቅ ያለ ነው እንላለን። በሩን ከሸፈነ ፕላሴንታ ፕሪቪያ ነው፤ የልጁ መውጫ ስለተዘጋ መውለጃው ኦፕራሲዮን ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛ ልጇን በኦፕራሲዮን እንደወለደች ካርዷ ላይ አለ። አንድ ጊዜ የተሰፋ ማህፀን ላይ የእንግዴ ልጁ የመራቁ ተስፋ ያንሳል፤ ይህን ማሰብ ነበረብኝ። ከዚህ በላይ የሚቆጨኝ ግን ተስፋውን ሰጥቼ «ደም ካየሽ በዚያው ሰዓት ነይ» ሳልላት መሸኘቴ ነው።

አለማመሙ ነው ቤቷ ያስቀመጣት። በፕሪቪያ ግን ደሙ የሚመጣው እንዲሁ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት የማህፀኑ ታች ሲለጠጥ የእንግዴ ልጁ አብሮ አይለጠጥም፤ ጠርዙ ይላቀቅና የደም ሥሮቹ ይከፈታሉ። ምጥ ስላልሆነ አያምም። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው፣ በራሱም ይቆማል። ሁለተኛው መቼ እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚሆን ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ይህን እያስረዳኋት ሳለ በሥራ ዘመን የሚበልጠኝ ባልደረባዬ ገባ። ደም ማየቷን ሲሰማ «በሩ ተከፍቶ እንደሆን ልየው» ብሎ ጓንት ማጥለቅ ጀመረ።

«እባክህ በጣትህ እንዳትነካት» አልኩት።

«አንቺ ነሽ እኔን የምታስተምሪኝ?» አለኝ፣ እሷ እየሰማች።

ፊቴ ጋለ፣ እጄም ተንቀጠቀጠ። በሩ ላይ የተኛን የእንግዴ ልጅ ጣት ቢነካው ደሙ እዚያው አልጋ ላይ ሊዘረገፍ ይችላል፤ እኛ ቤት ደግሞ የምንሰጣት ደም የለም። መልስ አልሰጠሁትም። የአልትራሳውንዱን ወረቀት ከካርዷ አውጥቼ ፊቱ ያዝኩለት። አነበበው፣ ጓንቱን አወለቀና ወጣ። ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ ከሁለታችን አንዳችንም አላነሳንም።

ግፊቷም የልጁ የልብ ምትም ደህና ነበሩ። በሁለቱም ክንዶቿ ወፍራም ካኑላ አስገብቼ ኖርማል ሳላይን ሰቀልኩ፣ ደሴ ደውዬ ደም እንዲያዘጋጁ ነገርኳቸው፣ አምቡላንስ ውስጥ አብሬያት ገባሁ። ባሏ ደም የሚሰጥ ወንድሟን ይዞ ተከተለን። እስከ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገቱን ስንወጣ በየመታጠፊያው የምትቀመጥበትን ጨርቅ አያለሁ። ደረቅ ነበር።

እዚያ በብልት በኩል በሚገባው አልትራሳውንድ አዩዋት። እሱ በጥንቃቄ ከተሠራ ችግር የለውም፤ የሚከለከለው በጣት መመርመር ነው። የእንግዴ ልጁ በሩን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። አስተኟት፣ የልጁን ሳንባ የሚያጠነክረውን መርፌም ጀመሩላት። በ12ኛው ሌሊት ደሙ ያለ ምንም ሕመም ተመለሰ፤ አልጋውን አልፎ ወለሉን ነካ። ወዲያው ኦፕራሲዮን ገባች፤ ሁለት ከረጢት ደም ወሰደች፣ 1.9 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሁለቱም ተረፉ።

ልጁን ለክትባት ይዛ ስትመጣ አቅፋ ሳመችኝ። አንገቷ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

አሁንም «አብሽሪ» እላለሁ፤ የደነገጠች እናት ያስፈልጋታል። ግን አስከትዬ «ጠብታም ብትሆን፣ ባያምሽም፣ ቢቆምም፣ ሌሊትም ቢሆን ነይ» እላለሁ፤ መልሳም እንድትነግረኝ አደርጋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዷ ስትደግምልኝ «ባያመኝም» የምትለዋን ዘለለቻት። እንደገና አስደገምኳት።