ዋጋው ሳያልቅ ሞተር ላይ አትውጡ

ስለ ሞተርና ባጃጅ አደጋ የሚለጠፈው ምክር ሁሉ «ሄልሜት ያድርጉ» ብሎ ያበቃል። ያላለቀ የዋጋ ጉዳይ ራሱ አደጋ እንደሆነ ግን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ሞተረኛው እየነዳ ስለ ገንዘብ ሲነጋገር ፊቱን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ደግሞ በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሁለት ሰከንድ ዞር ካለ 22 ሜትር መንገድ አላየም ማለት ነው።

ስለ ሄልሜቱ አጭር ነው። አገጭ ሥር ያለው ማሰሪያ ካልተቆለፈ ሄልሜቱ ስትወድቁ ቀድሟችሁ ይበራል። ተቆልፎ በማሰሪያውና በአገጫችሁ መሀል ሁለት ጣት ብቻ መግባት አለበት። ጭንቅላታችሁን ስትነቀንቁ ለብቻው የሚዞር ከሆነ ሰፍቷችኋል። ሞተረኛው ቁልፉ የተሰበረ ሄልሜት ከሰጣችሁ ሌላ ሞተር ፈልጉ።

እኔ ያበላሸሁት መንገዱ ላይ ነው። ዋጋ ተነጋግሬ፣ የምሄድበትን ቦታ ስም ብቻ ጠርቼ ወጣሁ፤ በየት በኩል እንደምንሄድ አልተናገርኩም። ዛሬም የሚቆጨኝ ይህ ነው። ዋጋው ከተቆረጠ በኋላ የሞተረኛው ትርፍ የሚመጣው ከጊዜና ከነዳጅ ስለሆነ አጭሩን መንገድ ይመርጣል። በዋናው መንገድ 6 ኪሎ ሜትር የሆነው ጉዞ በአቋራጭ 4 ይሆናል፤ ከዚያ ውስጥ ግን አንዱ ክፍል ጠጠር የፈሰሰበት ቁልቁለት ነው፣ መጨረሻው ደግሞ በተቃራኒ መስመር የሚኬድ ነው። ሞተረኛው ብቻውን ሲሆን በጠጠሩ ላይ ይወጣዋል። ሰው ሲጭን ግን ክብደቱ ወደ ኋላና ወደ ላይ ስለሚሄድ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው አልታዘዝ ይላል፤ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ተሳፋሪው ወደ ፊት ተንሸራቶ ጀርባው ላይ ይጫነዋል።

ስለዚህ አሁን ከመውጣቴ በፊት ሁሉንም በአንድ ዓረፍተ ነገር እጠይቃለሁ፦ «እስከ ሆስፒታሉ የኋላ በር፣ በዋናው አስፋልት፣ ሻንጣውን ጨምሮ፣ ጠቅላላ ስንት?» «በር» የምለው፣ የሰፈሩ ስም ብቻ ከሆነ ሰፈሩ ዳር አውርዶ «ወደ ውስጥ ተጨማሪ ነው» ስለሚባል ነው። «ጠቅላላ» የምለው ደግሞ በባጃጅ ለሁለት ሰው 60 ብር የተባለው ስንደርስ በነፍስ ወከፍ 60 ሆኖ ወደ 120 ስለሚለወጥ ነው። የሚመልስልኝ ዝርዝር ብር ከሌለውም አሁኑኑ ይናገር። ከዚያ ቁጥሩን እኔው ደግሜ እለዋለሁ፤ እሺ እስኪል አልወጣም።

«እስከምትችሉ ተከራከሩ» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ከሚያዋጣው በታች ያወረዳችሁት ሞተረኛ ጉድለቱን በፍጥነት ያካክሳል። ረጅሙን መንገድ ከፈለጋችሁ የረጅሙን ክፈሉ።

መሀል መንገድ ላይ «ተዘግቷል፣ በዚህ በኩል ልዙር» ካለ ከጀርባው ሆናችሁ አትመልሱለት። «ወንድሜ፣ ዳር ያዝልኝ» በሉት፤ ቆሞ እግሩ መሬት ሲነካ ተነጋገሩ። አዲሱን መንገድ ከተቀበላችሁ አዲሱን ዋጋም እዚያው ጨርሱ። ካልተስማማችሁ ውረዱ። ከ6 ኪሎ ሜትሩ 2 ከሄድን ሲሦው ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን ግማሹን ከፍዬ እወርዳለሁ፣ ምክንያቱም ጸቡ ከልዩነቱ ይበልጣል።

በባጃጅ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ኮንትራት ነው ወይስ በሰው?» ነው። ይህ ካልተለየ ኮንትራት የመሰላችሁን ከፍላችሁ መንገድ ላይ ሰው ይጨመርባችኋል። ከሹፌሩ ጎን ሰው ሊያስቀምጥ ከሆነ ግን፣ በሰውም ቢሆን እወርዳለሁ። የባጃጅ መሪ እንደ ሞተር በሁለት እጅ የሚዞር ስለሆነ ጎኑ የተቀመጠው ሰው ጉልበትና ክንድ ዙሩን ያግደዋል። ከፊት ያለው ጎማ አንድ ብቻ ስለሆነም በፍጥነት ገብቶ ኩርባው መሀል ፍሬን ከያዘ የመገልበጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ «ኩርባው ሳይደርስ ቀንስ» የምለው ገና ስንነሳ ነው። ክንድም ጉልበትም ከባጃጁ ጎን ወደ ውጭ መውጣት የለበትም።

ሞተር ላይ የምወጣውም የምወርደውም በግራ በኩል ነው፤ የጋለው ማርሚታ በአብዛኛው በቀኝ ስለሆነ ባትን ያቃጥላል። የእግር መርገጫዎቹ ሁለቱም መዘርጋታቸውን አያለሁ፣ የሻርፔን ጫፍ ወደ ውስጥ እከታለሁ፤ ካቴና ወይም የኋላ ጎማ ከያዘው አንገት ይጎትታል። ታርጋውን ፎቶ አንስቼ ለሰው የምልከው ከመነሳታችን በፊት ነው። ገንዘቡንም የምቆጥረው ወርጄ፣ ከመኪናው መስመር ወጥቼ ዳር ከቆምኩ በኋላ ነው።