ያደረ ሥጋ

ዲሲ አካባቢ አንድ ስቴክ ቤት ኪችን ገብቼ ገና ሁለተኛ ሳምንቴ ነበር። ጠዋት ትንሿን ፍሪጅ አጽዳ ተባልኩ። ትልቁን ዎክ ኢን ፍሪጅ ስገባ ስወጣ ለምጄዋለሁ፣ ይቺን ግን ከፍቻት አላውቅም ነበር። በሩን ስከፍት ፋኑ ፊቴ ላይ ነፈሰብኝ፣ ሽቦ መደርደሪያው ላይ ከነአጥንታቸው የተቀመጡ ትልልቅ የጎድን ሥጋዎች አሉ፣ ላያቸው ጠቁሮ እንደ እንጨት ደርቋል፣ አንዳንዱ ላይ ደሞ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ሻጋታ አለ።

እኔ እንግዲህ ሰፈራችን ልኳንዳ በር ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሥጋ ማለት ዛሬ ታርዶ ዛሬ የሚቆረጥ ነው፣ ያደረ ሥጋ ቢበዛ ለወጥ ነው፣ የሻገተማ ለውሻም አይሰጥም። እነዚህ ሰዎች ረስተውት ተበላሽቷል ብዬ ደመደምኩ፣ ግን ሁሉንም ከመጣል ላትርፍላቸው ብዬ (ደግነቴን እዩልኝ) ቢላ አመጣሁና ሦስቱን አወረድኩ። ጥቁሩን ቅርፊት፣ ጮማውን፣ ሁሉንም ገፍፌ ቀይ ሥጋ እስኪወጣ ድረስ አጸዳሁት። እያንዳንዱ ላይ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ተንጠልጥሎ ነበር፣ እሱንም አብሬ ጣልኩት።

ሥራ ያስገቡኝ ጋሼ እዛው ኪችን ሃያ ምናምን ዓመት የሠሩ ናቸው፣ ሥጋ የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። ሲገቡ ሦስቱን ራቁታቸውን ጠረጴዛ ላይ አዩዋቸው። አልጮሁም። ቆሻሻው ውስጥ ገብተው ወረቀቶቹን ፈለጉና አንዱን አነበቡ፣ ከዛ «ሃያ ቀኑ ነበር እኮ፣ አሥራ አምስት ቀን ነበር የቀረው» አሉ። እኔ ደሞ «ጋሼ ሻግቶ እኮ ነው» አልኳቸው። «አፍንጫህን የት ጥለኸው ነው ይሄን የነካኸው?» አሉኝ።

ለካ ሥጋው ሆን ተብሎ 35 ቀን እንዲከርም የተቀመጠ ነው። ከዛ አንዱን ያልተነካ አወረዱና አስሸተቱኝ። ልክ ነበሩ፣ የበሰበሰ ሽታ የለውም፣ እንደ ቆየ አይብ፣ እንደ ተቆላ ኦቾሎኒ ነገር ነው የሚለው። በጣቴ ስነካው ደረቅና ጠንካራ ነው። የተበላሸ ቢሆን ላዩ ይረጥባል፣ ያሟልጫል፣ ይጣበቃል፣ ሽታውም ይኮመጥጣል ወይ አፍንጫ ይወጋል፣ አረንጓዴና ጥቁር ጸጉራም ሻጋታ ከያዘ ደሞ ችግር አለ ማለት ነው። ፍሪጇ 1 ወይም 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው የምትሠራው፣ እርጥበቱ 80 ፐርሰንት አካባቢ፣ ፋኑም ዝም ብሎ ይነፍሳል። እርጥበቱ ሲበዛ ያሟልጣል፣ ሲያንስ ደሞ ከሚገባው በላይ ደርቆ ኪሳራ ነው።

«ታዲያ ቋንጣ ነው በለኛ» አልኳቸው በሆዴ፣ ማለት አልደፈርኩም እንጂ። በኋላ ሲገባኝ ቋንጣ አይደለም፣ ጨው የለው፣ በርበሬ የለው፣ ደሞ እንደ ቋንጣ ቀጭን ተደርጎ አይቆረጥም፣ እንደውም ትልቅ ሆኖ ከነአጥንቱና ከነጮማው የሚቀመጠው ውስጡ እንዳይደርቅ ነው። ቅርፊቱ ልብሱ ነው። እኔ ልብሱን ነው የገፈፍኩት።

ሼፉ ሲመጣ ተቆጣ፣ እሱን ልዝለለው። ከቁጣው በኋላ ግን አንድ ጥሩ ነገር አደረገ። እኔ ከገፈፍኩት አንድ ስቴክ ቆረጠ፣ ከሌላ ደሞ 35 ቀኑን ከጨረሰ አንድ ቆረጠ፣ ከትልቁ ዎክ ኢን ደሞ በቫኪዩም ላስቲክ ታሽጎ 28 ቀን የቆየ አንድ። ላስቲኩ ሲቀደድ ኮምጠጥ ያለ ሽታ ወጣ፣ «ቆይ ሩብ ሰዓት ስጠው» አለ፣ እውነትም ጠፋ። ባይጠፋ ኖሮ ነበር የሚጣለው። ሦስቱንም በጨው ብቻ ጠብሶ ቅመስ አለኝ።

የገረመኝ ልስላሴው ነው። ሦስቱም እኩል ለስላሳ ናቸው! ያ ሁሉ ፋን፣ ያ ሁሉ ጣጣ ሥጋውን ለማለስለስ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ሲያስረዱኝ እንዲህ ነው፦ ከብት ሲታረድ ሥጋው መጀመሪያ ለስላሳ ነው፣ ከሰዓታት በኋላ ይጠነክራል፣ እኛ ቁርጥ የምንበላው እንግዲህ ሳይጠነክር ቀድመነው ነው። ከጠነከረ በኋላ ግን ሥጋው ውስጥ ራሱ ያሉ ኢንዛይሞች የጡንቻውን ክሮች ቀስ እያሉ ይቆራርጧቸዋል፣ አብዛኛው ሥራ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያልቃል፣ ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ብዙም የሚጨምረው ነገር የለም። ለዚህ ሥራ አየር አያስፈልግም፣ ላስቲክ ውስጥም ሆነ ውጪ እኩል ይሠራል። ጅማትን ግን አይነካም፣ ስለዚህ የቅልጥም ሥጋ ሁለት ወር ብታስቀምጠው ስቴክ አይሆንልህም።

ጣዕሙ ላይ ነው መንገዱ የሚለያየው። የላስቲኩ ንጹህ የሥጋ ጣዕም አለው ግን ደም ደም፣ ብረት ብረት ይላል፣ ምክንያቱም ከራሱ ፈሳሽ ጋር ነው የከረመው። የ35 ቀኑ ውሃው ስለተነነ ጣዕሙ ተጠራቅሟል፣ ጮማው ደሞ ቀስ ብሎ አየር እያገኘ ስለከረመ ያንን የኦቾሎኒና የቅቤ ነገር ያመጣል። የኔው የ20 ቀኑስ? ለስልሷል፣ ግን ጣዕሙ ጀምሮ ያልጨረሰ ነው። ለካ ያቺ የቀረችው አሥራ አምስት ቀን ለጥርስ ሳይሆን ለምላስ ነበረች።

ከዛ ሚዛን አመጡና ወረቀት ሰጡኝ። ለሒሳቡ እንዲቀል አንዱ ጎድን ሲገዛ 20 ፓውንድ፣ ፓውንዱ 10 ዶላር፣ ማለትም 200 ዶላር እንበል። ላስቲክ ውስጥ የከረመው ፈሳሽ የሚጠፋበት ግማሽ ፓውንድ ቢሆን ነው፣ የተለመደው ጽዳት ተደርጎ 18 ፓውንድ ይሸጣል፣ ፓውንዱ 11 ዶላር አካባቢ ቆመ ማለት ነው። የ35 ቀኑ በትነት ብቻ ወደ 17 ይወርዳል፣ ቅርፊቱ ሲነሳ 13 ይቀራል፣ 200 ለ13 ሲካፈል ከ15 ዶላር በላይ። ያው ከብት፣ ያው ጎድን። እዚህ ላይ ፍሪጇ የያዘችው ቦታ አለ፣ መብራቱ አለ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ብር አለ። ቅርፊቱ ወደ በርገር ትንሽ ይደባለቃል፣ አጥንቱ ለሾርባ ይሆናል፣ ግን የጠፋውን ዋጋ አይመልስም።

ከሦስቱ ሁለቱን በዛው ቀን እንደ ተራ ስቴክ ሸጧቸው። ሦስተኛውን ጋሼ «ይሄ ይማርበት» ብለው መለሱት፣ ወረቀቱንም በኔ እጅ አስጻፉኝ። ሲመለስ 14 ፓውንድ ተኩል ነበር። ጮማው ስለሌለ ቀዩ ሥጋ ራሱ ደረቀና አዲስ ቅርፊት አወጣ፣ በ35ኛው ቀን ስመዝነው 13፣ ሁለተኛውን ቅርፊት ራሴ ስገፍ 10 ተኩል። አካፈልኩት፣ ፓውንዱ 19 ዶላር።

ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ግን ከሌሎቹ ጋር አንድ ነበር። የዛን ቀን ማታ ማን እንደበላው አላውቅም፣ ሳህኑ ግን ባዶውን ነው የተመለሰው።