ለአንዲት አንቀጽ የሠራሁት የማረሚያ መስፈርት፦ የአራት ሳምንት ማስታወሻ

ባሕር ዳር ውስጥ የስምንተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ 58 ተማሪ አለው። ባለፉት አራት ሳምንታት አንድ ነገር ላይ ብቻ ስሠራ ቆየሁ፤ ለአንዲት አንቀጽ የሚሆን፣ ከዕለቱ ትምህርት ዓላማ ጋር የሚገጥም ሩብሪክ ወይም የማረሚያ መስፈርት። እዚህ የምጽፈው የት እንደተሳሳትኩና ምን እንዳስተካከልኩ ነው። ተመሳሳይ ሥራ ለጀመራችሁ መምህራን ይጠቅም ይሆናል።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ወረቀት ነው። ለልጆቹ የሰጠኋቸው ሥራ «እምቦጭ በጣና ዓሣ አጥማጆች ላይ ያደረሰውን ችግር በአንድ አንቀጽ ጻፉ» የሚል ነበር። ያረምኩት በቆየው መስፈርት ነው። ሐሳብ 3፣ ቋንቋ 3፣ የእጅ ጽሕፈትና ንጽሕና 2፣ ርዝመት 2፣ ድምር 10። አንዲት ልጅ እንዲህ ጻፈች፦

«እምቦጭ በጣም መጥፎ አረም ነው። ጣና ሐይቅ በጣም ትልቅና የሚያምር ሐይቅ ነው። በጣና ላይ ብዙ ገዳማት አሉ። እምቦጭን ሁላችንም ተባብረን ማጥፋት አለብን።»

ጽሕፈቷ ያምራል፤ አንድም የፊደል ግድፈት የለባትም። 8 ሰጠኋት። ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ ደግሞ በተጨማደደ ወረቀት ይህን አመጣ፦

«እምቦጭ የአሣ አጥማጆችን ሥራ ከባድ አድርጎታል። አረሙ ውኃውን ስለሸፈነው ታንኳቸው አያልፍም። ዳር ላይ ማጥመድ ስላልቻሉ እሩቅ ይሄዳሉ። መረባቸውም በሥሩ እየተጠላለፈ ይቀደዳል። ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። መረብ ለመግዛት ደግሞ ብዙ ብር ያስፈልጋል።»

ለእሱ 5 ሰጠሁት። ማታ ቤት ሆኜ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ከነከነኝ። በዚያ ሳምንት ያስተማርኩት ምክንያትና ውጤትን ማያያዝ ነው። ያንን የሠራው ልጁ ነው። ነጥቡን የወሰደችው ግን ልጅቷ ናት።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ወሰድኩና ለሁለት ከፈልኩት። በግራ የትምህርቱን ዓላማዎች፣ በቀኝ የመስፈርቱን ነጥቦች ጻፍኩ። ከዚያ እያንዳንዱን ዓላማ ከሚለካው ነጥብ ጋር በመስመር አገናኘሁ። የእጅ ጽሕፈት መስመር አልደረሰውም፤ አላስተማርኩትማ። ርዝመትም አልደረሰውም። በግራ በኩል ደግሞ ከ40 ደቂቃው 20ውን የፈጀሁበት «ምክንያትና ውጤትን ያያይዛሉ» የሚለው ዓላማ ብቻውን ቀረ። አንድም ነጥብ አልተመደበለትም። ይህቺን የመስመር ሥራ ሌላ ምንም ባትሠሩ ሞክሯት። አሥር ደቂቃ አትፈጅም።

መስመሩን ስሠራ ሌላም ነገር ወጣ። ችግሩ መስፈርቱ ላይ ብቻ አልነበረም። ከዓላማዎቼ አንዱ «ተማሪዎች ስለ አንቀጽ ምንነት ይረዳሉ» ይላል። መረዳት ደግሞ ወረቀት ላይ አይታይም። «ይረዳሉ» ለሚል ዓላማ መስፈርት ልጻፍ ብትሉ እጃችሁ ላይ «በጣም ጥሩ ተረድቷል፣ ጥሩ ተረድቷል» የሚል ነገር ነው የሚቀረው። ያ ደግሞ ለአራሚው ምንም አይነግረውም። ስለዚህ መጀመሪያ የዕለት ዕቅዴን አስተካከልኩ። ዓላማዎቹ ሦስት ሆኑ። ተማሪው ኃይለ ቃል ይጽፋል። ኃይለ ቃሉን በሁለት ምክንያት ያብራራል። ምክንያቱን ከውጤቱ ጋር ያያይዛል። ሦስቱም ወረቀት ላይ በጣት የሚጠቆሙ ናቸው። የመስፈርቱ ረድፎችም እነዚሁ ሦስቱ ሆኑ፤ 3፣ 4 እና 3 ነጥብ።

በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ረቂቅ ይዤ ወደ ትምህርት ክፍላችን ሄድኩ። ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡት።

«ፊደል የሚስት ልጅ ከአሥር አሥር ሊያገኝ ነው?» አሉኝ።

«በዚህች አንቀጽ ላይ አዎ፣ ጋሼ። ፊደሉን ግን አልተወውም።»

«ታዲያ የት ልታየው ነው?»

ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። የተስማማንበት ይህ ነው። ፊደሉ በእርሳስ ይከበባል፤ ነጥብ ግን አይቀነስበትም። «አሣ» ያለውን ልጅ «ዓሣ» ብዬ አርምለታለሁ። ተደጋጋሚ ስሕተቶቹን ሰብስቤ ደግሞ ለብቻው አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ በሚመጣው ሥራ ላይ ፊደል የራሱ ረድፍ ይኖረዋል። ጋሼ ሙሉ በሙሉ አልተዋጠላቸውም፤ «እስቲ እናያለን» ብለው ተዉኝ።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደ ፈጀብኝ ነገር ልምጣ። እሱም ሦስተኛው ረድፍ ነው።

በረቂቁ ላይ «ቢያንስ ሦስት አያያዥ ቃላት ተጠቅሟል» ብዬ ጽፌ ነበር። ሐሳቡን ያገኘሁት ከአንድ የእንግሊዝኛ ናሙና ነው። ለመቁጠር ስለሚመች ወደድኩት። ከዚያ እኔና ጎረቤት ክፍል የምታስተምረዋ መምህርት አሥራ ሁለት ወረቀት መርጠን፣ አንዳችን የሌላውን ነጥብ ሳናይ አረምን። ስናመሳክር በአምስቱ ላይ ሁለት ነጥብና ከዚያ በላይ ተለያየን። ልዩነቱ ከሞላ ጎደል በሙሉ ያለው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ስናይ ምክንያቱ ታየን። ከላይ ያነበባችሁትን ልጅ ውሰዱ። መምህርቷ ሦስት ሰጥታዋለች፤ እኔ ዜሮ። እኔ «ስለዚህ»ን፣ «በዚህም ምክንያት»ን፣ «ምክንያቱም»ን ስፈልግ አንድም አላገኘሁም። እሷ ግን «ስለሸፈነው» እና «ስላልቻሉ» ላይ አሰመረችና «ይኸው!» አለችኝ። ልክ ናት። በአማርኛ የምክንያት ማያያዣ ብዙ ጊዜ ለብቻው ቆሞ አይገኝም። ግሡ ውስጥ ነው ያለው። «ስለሸፈነው»፣ «በመሸፈኑ»፣ «እየተጠላለፈ ይቀደዳል»፤ እነዚህ ሁሉ ምክንያትን ከውጤት አያይዘዋል። የእኔ ቆጠራ ደህና አማርኛ የጻፈውን ልጅ ቀጣ።

ቆጠራው ሌላም ጉዳት ነበረው። መስፈርቱን አስቀድሜ ያሳየኋቸው ልጆች «ሦስት» የምትለዋን ቁጥር ይዘው «ስለዚህ»ን በየዓረፍተ ነገሩ መሰካት ጀመሩ። አንዱ «እምቦጭ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ዓሣ አጥማጁ ተጎዳ» ብሎ ጻፈ። በቆጠራው ነጥብ ያገኛል። አረንጓዴነቱ ግን ማንንም አልጎዳም። መስፈርታችሁ እየተበላሸ መሆኑን የምታውቁበት አንዱ ምልክት ይህ ነው፤ ልጆቹ ረድፉ የሚጠይቀውን በትክክል አሟልተው ሥራው ግን የባሰ ሲሆን።

ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ረድፉን እንዲህ ብዬ እንደገና ጻፍኩት፦

3 ነጥብ፦ የትኛው ምክንያት፣ የትኛው ውጤት እንደሆነ በሁሉም ቦታ ይለያል፤ ማያያዣው ለብቻው የቆመ ቃል ቢሆንም፣ ግሥ ላይ የተጣበቀ ቢሆንም።
2 ነጥብ፦ ግንኙነቱ ይገባል፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ማያያዣው ጎድሏል ወይም ሐሳቡን አይመጥንም።
1 ነጥብ፦ ማያያዣ አለ፤ ያያያዛቸው ሐሳቦች ግን አንዱ የሌላው ምክንያት አይደሉም።
0፦ ምክንያትና ውጤት አልተያያዙም።

ሁለተኛው ረድፍ ላይም አንድ ነገር አስተካከልን። «ጣና የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር እውነት ናት፤ ግን ኃይለ ቃሉን አታብራራም። እኔ በእሷ ምክንያት ከኃይለ ቃል ረድፍም፣ ከማብራሪያ ረድፍም ነጥብ ቀንሼ ነበር። ልጁ ለአንድ ጥፋት ሁለቴ ተቀጣ። አሁን ከርዕሱ የወጣ ዓረፍተ ነገር የሚያስቀንሰው ከማብራሪያው ብቻ ነው፤ እሱም ከ4 ወደ 3። ሁለት ምክንያት ሳይሆን አንድ ብቻ ያብራራ 2 ያገኛል። ምክንያቱን ጠርቶ ያላብራራ 1።

በአዲሱ መስፈርት ልጁ በኃይለ ቃል 3፣ በማብራሪያ 3፣ በማያያዝ 3፣ ድምር 9 አገኘ። ልጅቷ ደግሞ «እምቦጭ በጣም መጥፎ አረም ነው» የሚለው ኃይለ ቃሏ ስለ ዓሣ አጥማጁ ስለማይናገርና በጣም ሰፊ ስለሆነ 2፣ በሌሎቹ ዜሮ፣ ድምር 2። ከ8 ወደ 2። እጄ ከበደኝ። ተከታታይ ምዘና ላይ 2 መጻፍ ቀላል አይደለም። ለማንም ሳልመዘግብ ጠራኋትና መስፈርቱን ፊቷ ዘረጋሁት።

«የእምቦጭ መጥፎነት ለአጥማጁ ምኑ ላይ ነው?» አልኳት።

ትንሽ አሰበች። «ነፋስ ሲነሳ ወደ ዳር ይመጣል ቲቸር። አባቴ ሲያወራ ሰምቻለሁ።»

«እሱን ጻፊው» አልኳት። በማግሥቱ ይህን አመጣች፦ «እምቦጭ የዓሣ አጥማጆችን ሥራ ያስተጓጉላል። አረሙ ስለሚንሳፈፍ ነፋስ ወደ ዳር ይገፋዋል። ዳሩ ሲዘጋ ታንኳ መነሻ ያጣል።» ኃይለ ቃል 3፣ ማብራሪያ 2፣ ማያያዝ 3፤ 8 ሆነ። ቁጥሩ የድሮው ነው። አሁን ግን ምን እንደጎደላት ታውቃለች፤ ሁለተኛ ምክንያት። በድሮው መስፈርት «ሐሳብሽን አዳብሪ» ከማለት ሌላ የምላት አልነበረኝም።

ከመምህርቷ ጋር ሌላ አሥራ ሁለት ወረቀት ወስደን እንደገና አረምን። ሁለት ነጥብ የተለያየነው በአንዱ ላይ ብቻ ነው። እሱም «ሲዘጋ» ዓይነት ግሥ ጊዜን ነው ወይስ ምክንያትን የሚያሳየው በሚለው ላይ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ውጤቱ ተከትሎ ከመጣ ምክንያት ብለን እንቀበለው ብለን ተስማማን። ይህንን ስምምነት ከመስፈርቱ ጀርባ ጽፈነዋል፤ የሚቀጥለው አራሚ ከዜሮ እንዳይጀምር። አንድ ወረቀት አሁን ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስድብኛል። 58ቱን በአንድ ምሽት እጨርሳለሁ።

መስፈርቱ ከዚህ ሥራ ውጭ እንዳለ አይሠራም። የሚቀጥለው ትምህርት የአሠራር ሂደትን በአንቀጽ መግለጽ ነው፤ ርዕሱም «የደንገል ታንኳ እንዴት ይሠራል?»። ኃይለ ቃልና ማብራሪያ ትንሽ ተነካክተው ይቀጥላሉ። ሦስተኛው ረድፍ ግን መፍረስ አለበት፤ ዓላማው ምክንያት ሳይሆን ቅደም ተከተል ነውና። እዚያም «መጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ በመጨረሻ» ብዬ እንዳልቆጥር ተጠንቅቄያለሁ። «አድርቆ»፣ «አስሮ»፣ «ካሰረ በኋላ» የሚሉትም ቅደም ተከተል ይናገራሉ።

ግን ልጆቹ የጻፉት ቅደም ተከተል ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ? ታንኳ ሲሠራ ከዳር እስከ ዳር ቆሜ አይቼ አላውቅም። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ ከአንድ ታንኳ ሠሪ አጠገብ ልቀመጥ ነው። ሦስተኛውን ረድፍ እስከዚያ ባዶ ትቼዋለሁ።