አሥር በመቶ፣ ግን ከምን?

ከአሜሪካ አሳታሚ ጋር ስዋዋል መጀመሪያ የፈለግሁት ስንት በመቶ እንደሚከፈለኝ ነበር። ለጠንካራ ሽፋን ቅጂ እስከ 5,000 ድረስ 10 በመቶ፣ ለቀጣዩ 5,000 ደግሞ 12.5፣ ከዚያ በላይ 15 በመቶ ይላል፤ በዚያ አገር የተለመደ መሰላል ነው። ዋናው ጉዳይ ግን ከመቶኛው ቀጥላ ያለችው ሐረግ ናት፤ «ከሽፋን ዋጋ» ትላለች ወይስ «አሳታሚው ከሚያገኘው የተጣራ ገቢ»?

ሽፋኑ ላይ 26 ዶላር የተጻፈበት መጽሐፍ በመጀመሪያው አነጋገር በቅጂ 2.60 ዶላር ያስገኛል። መደብሩ በግማሽ ዋጋ ከወሰደው አሳታሚው እጅ የሚገባው 13 ዶላር ነው፤ በሁለተኛው አነጋገር ስለዚህ የደራሲው ድርሻ 1.30 ዶላር ይሆናል። መቶኛው ያው ነው፣ ገንዘቡ ግን ግማሽ። የእኔ ውል በሽፋን ዋጋ እንዲሰላ ያስደረግሁት ይህን በወረቀት ላይ አስልቼ ካሳየሁ በኋላ ነው።

ቅድሚያ ክፍያው 12,000 ዶላር ነበር እንበል። አንድ ጊዜ አይሰጥም፤ ሲፈረም፣ ረቂቁ ተቀባይነት ሲያገኝና መጽሐፉ ሲወጣ አራት አራት ሺህ ነው የሚከፈለው። ወኪል ካለ ከእያንዳንዱ 15 በመቶ ስለሚወስድ 3,400 ይደርሳችኋል። መጽሐፉ ባይሸጥ ገንዘቡ አይመለስም። ረቂቁን አሳታሚው ካልተቀበለው ግን ብዙ ውሎች መልስ ይላሉ። ስለዚህ «ተቀባይነት ሲያገኝ» የሚለውን ቃል ብቻውን አልተውኩትም፤ አሳታሚው ጉድለቱን በጽሑፍ እንዲገልጽና ለማረም ጊዜ እንዲሰጥ አስጨመርኩ።

ቅድሚያ ክፍያ ወደፊት ከሚመጣ ሮያሊቲ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ቅጂ ለደራሲው ከሚታሰበው ድርሻ ላይ የተሰጠ ነው። በ2.60 ሂሳብ 4,616 ጠንካራ ሽፋን ቅጂ እስኪሸጥ ድረስ ተጨማሪ ሳንቲም አይመጣም። ወኪሉ የወሰደውም ቢሆን እንደተከፈላችሁ ይቆጠራል።

የሽያጭ ሪፖርት በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ የስድስት ወሩ ሂሳብ ከተዘጋ ሦስት ወይም አራት ወር ዘግይቶ። መጀመሪያ የምታዩት ትልቁ ቁጥር ወደ መደብሮች የተላከው ነው፤ የተሸጠው አይደለም። በአሜሪካ መደብር ያልሸጠውን መጽሐፍ ይመልሳል። አሳታሚው ይህን ስለሚፈራ የተወሰነ ድርሻ «ለተመላሽ መጠባበቂያ» ብሎ ይይዛል። ለምሳሌ 3,000 ተልኮ 350 ቢመለስና 20 በመቶ፣ ማለትም 600 ቢያዝ፣ የሚታሰብላችሁ 2,050 ቅጂ ነው፤ 5,330 ዶላር። 13 ዶላር የሚሸጠው የዲጂታል ቅጂ ላይ አሳታሚው 9.10 ይቀበላል እንበል። የተለመደው 25 በመቶ 2.275 ይሆናል፤ 400 ቢሸጥ 910 ዶላር። ድምሩ 6,240 ነው። ከ12,000 ሲቀነስ ገና 5,760 ይቀራል፣ የክፍያው መስመርም ዜሮ ይላል። ዜሮው ስህተት አይደለም።

ስህተት የሚገኘው በቀጣዩ ሪፖርት ነው። ያ 600 ቅጂ ተመልሶ መታየት አለበት፤ ወይ እንደ ተመላሽ፣ ወይ ተለቆ ለእናንተ ታስቦ። ሁለቱም ከሌለ በጽሑፍ ጠይቁ። ውላችሁ የመጠባበቂያውን መጠንና የሚለቀቅበትን ጊዜ ካልገደበ ግን ጥያቄያችሁ አቅም የለውም። እኔ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥና ከሦስት ሪፖርት በላይ እንዳይቆይ አስጽፌያለሁ።

ሌላ በትንሽ ፊደል የምትቀመጥ አንቀጽ አለች፤ ከፍተኛ ቅናሽ። አሳታሚው ለመደብር የሚሰጠው ቅናሽ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ሮያሊቲው ከሽፋን ዋጋ ወደ ተጣራ ገቢ ይዞራል። ገደቡ 50 በመቶ ሆኖ አሳታሚው በ55 በመቶ ቅናሽ ቢሸጥ የ26 ዶላሩ መጽሐፍ 11.70 ያስገባለታል፣ እናንተ 1.17 ታገኛላችሁ። አንድ ትልቅ ገዢ ብቻ ቅናሹን ገደቡን ካሻገረ፣ ያስለወጣችሁት «የሽፋን ዋጋ» ለአብዛኛው ሽያጭ ከንቱ ይሆናል። ገደቡን ከፍ ማስደረግ መቶኛውን ከመጨቃጨቅ ይሻላል።

ሁለት መጽሐፍ በአንድ ውል የምትፈርሙ ከሆነ «የጋራ ሂሳብ» የሚለውን ፈልጉ። ካለ፣ የሁለተኛው ቅድሚያ ክፍያ ያልተመለሰ ዕዳ የመጀመሪያውን ትርፍ ይበላዋል። እኔ እንዲሰረዝ ጠይቄ ተሰርዟል።

«ከገበያ መውጣት» የሚለውም በቁጥር መተርጎም አለበት። ዲጂታል ቅጂው ድረ ገጽ ላይ እስካለ ድረስ መጽሐፉ ከገበያ አልወጣም ከተባለ የማሳተም መብቱ ለደራሲው መቼም አይመለስም። በ12 ወር ውስጥ ከ200 ቅጂ በታች ከተሸጠ ደራሲው በደብዳቤ ይጠይቅና መብቱ ይመለስ የሚል አነጋገር ይሠራል። የሂሳብ ምርመራ አንቀጹም ሪፖርቱን የምትቃወሙበትን ቀነ ገደብ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። በምርመራው ከ5 በመቶ በላይ ጉድለት ከተገኘ ወጪውን አሳታሚው ይሸፍን የሚለው ካልተጻፈ፣ የሂሳብ ባለሙያውን ከኪሳችሁ ነው የምትከፍሉት።