ሽያጩ ጨመረ፣ ትርፉ የት ገባ?

ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ያለ አንድ ኬክ ቤት ሒሳብ እሠራለሁ። የቤቱ ባለቤት እትዬ የግንቦትን የትርፍና ኪሳራ ወረቀት እንዳዩ ፊታቸው ጠቆረ። «ሰው ተሰልፎ እየበላ ትርፌ ይቀንሳል? ካሸሯ እየበላችኝ ነው!»

ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ሪፖርቱን የሚሠራው ሁሉንም ወጪ አንድ ላይ ደርድሮ ነበር። ቅቤ፣ ኪራይ፣ ወለድ፣ ደሞዝ፣ ሁሉም አንድ ጎራ። ከታች ትርፉ ይወጣል፣ ከየት እንደቀነሰ ግን አይታይም። ስለዚህ የጥርንና የግንቦትን ጎን ለጎን አድርጌ፣ በደረጃ አወረድኩላቸው።

መጀመሪያ ሽያጭ። እትዬ ማሽኑ ያወጣውን 920 ሺህ ብር እንደ ሽያጭ ይቆጥሩት ነበር። ከዚያ ውስጥ 120 ሺሁ ቫት ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ ነው፣ እሳቸው ጋ አደራ ተቀምጦ ነው። የግንቦት ሽያጭ 800 ሺህ፣ የጥር ደግሞ 700 ሺህ። እስከዚህ ደስ ይላል።

ቀጥሎ የተሸጠው ዕቃ ወጪ፤ ዱቄቱ፣ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ካርቶኑ። «የግንቦት ግዢዬ 500 ሺህ ነው» አሉኝ። ግን የተገዛው ሁሉ አልተሸጠም። ወሩ ሲጀምር መጋዘን የነበረው 60 ሺህ ብር ዕቃ ላይ ግዢውን ደመርን፣ ወሩ ሲያልቅ የተረፈውን 80 ሺህ ቀነስን። 480 ሺህ ሆነ። ጥር ላይ 350 ሺህ ነበር። (የጋጋሪዎቹን ደሞዝ እዚህ የሚያስገባ አለ፤ እኔ ከታች ነው የማደርገው። የትም ይግባ፣ ብቻ በየወሩ ቦታው አይቀያየር።)

ሽያጭ ሲቀነስ ይህ ወጪ፣ ጠቅላላ ትርፍ ይባላል። ጥር 350 ሺህ፣ ግንቦት 320 ሺህ። ከመቶ ብር ሽያጭ ጥር ላይ 50 ብር ይተርፍ ነበር፤ ግንቦት ላይ 40 ብር ብቻ።

ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ኪራዩን፣ ደሞዙን፣ መብራቱን ገና አልነካንም። ጠቅላላ ትርፍ ከወደቀ ችግሩ ከሦስት አይዘልም፦ ዕቃው ተወድዷል፣ በቅናሽ ተሽጧል፣ ወይም ዕቃው ወጥቶ ገንዘቡ አልገባም። ስርቆትም የሚታየው እዚሁ መስመር ላይ ስለሆነ የእትዬ ጥርጣሬ ከንቱ አልነበረም። ግን ሳይጣራ ሰው አይወነጀልም።

ከዋናው ጋጋሪ ጋር ቁጭ ብለን የአንዱን ኬክ ወጪ በግራም አሰላን። ጥር ላይ 40 ብር የነበረው፣ በቅቤና በእንቁላል ዋጋ ምክንያት 46 ብር ገብቷል። መሸጫው ግን ያው 80 ብር ነው። በዚህ ላይ ለአንድ መሥሪያ ቤት በ58 ብር ማቅረብ ጀምረዋል። የጨመረው 100 ሺህ ብር ሽያጭ በሙሉ የዚያ ነው፣ 80 ሺሁ ለዕቃ ሄዷል። ቤት ውስጥ ለተሸጠው 700 ሺህ ደግሞ ወጪው ወደ 400 ሺህ ከፍ ብሏል። ሁለቱ ሲደመሩ 480። ለካሸሯ የሚተርፍ ጉድለት የለም።

«ወይኔ፣ ልጅቷን!» አሉ እትዬ። ደግነቱ ገና አፍ አውጥተው አልተናገሯትም።

የቀረውን ቶሎ ጨረስነው። የሥራ ማስኬጃ ወጪው፣ ኪራይና ደሞዝ፣ መብራት፣ የማሽኖቹ እርጅና፣ በሁለቱም ወር 250 ሺህ ነው። ሲቀነስ የሥራ ትርፉ ከ100 ወደ 70 ሺህ ወርዷል። ይህ መስመር ብድር ባይኖር ቤቱ ራሱ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ያሳያል። ከዚያ ለምድጃው መግዣ የተበደሩት ገንዘብ ወለድ 30 ሺህ ይወጣል። ከግብር በፊት 40 ሺህ ቀረ። ቤቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስለሆነ ከዚህ 30 በመቶ ለግብር ያዝን፣ 12 ሺህ። የተጣራ ትርፍ 28 ሺህ። ጥር ላይ 49 ሺህ ነበር።

እትዬ በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ሄደው ዋጋውን 68 ብር አስገቡ። የቤቱን መሸጫ ለመጨመር ግን ፈሩ፤ ጎረቤት ያለው ኬክ ቤት አልጨመረማ።

ሲወጡ ዞር ብለው ጠየቁኝ። «እሺ፣ ይቺ 28 ሺህስ ባንክ ውስጥ የለችም፣ የት ገባች?»

በየወሩ ከዋናው ብድር 25 ሺህ ይከፍላሉ። ያ ዕዳ መቀነስ ስለሆነ ይህ ወረቀት ላይ አይገባም፤ የሚገባው ወለዱ ብቻ ነው። መጋዘን ውስጥም ካለፈው ወር የበለጠ የ20 ሺህ ብር ዱቄትና ስኳር ተከምሯል። እሱን የሚያሳየው የጥሬ ገንዘብ ፍሰት ወረቀቱ ነው። ያንን ለሰኔ ቀጠርነው።