ያገለገሉ የድርጅት ተሽከርካሪዎችን ስንሸጥ ግብሩን እንዴት እንዳሰላሁት

በፒያሳ አካባቢ ወረቀትና የጽሕፈት መሣሪያ የሚያከፋፍል የአንድ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሒሳብ ሹም ነኝ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ማኅበሩ ሁለት ተሽከርካሪዎችን በተቀራራቢ ቀናት ሸጠ። አንደኛው ከመዝገብ ዋጋው እጅግ በላይ ያወጣ አይሱዙ የጭነት መኪና ሲሆን፣ ሁለተኛው ግጭት ደርሶበት ከመዝገብ ዋጋው በታች የተሸጠ ባለ አንድ ጋቢና ፒክአፕ ነበር። ሁለቱ በአንድ የግብር ዘመን መገጣጠማቸው የትርፉንም የኪሳራውንም አሠራር ጎን ለጎን ለማየት ስላስቻለኝ፣ ስሌቱን በወቅቱ በነበረው ሕግ መሠረት እንደሠራሁት አቀርበዋለሁ።

ሥራ አስኪያጃችን የአይሱዙው ሽያጭ እንዳለቀ የጠየቁኝ ጥያቄ ብዙ ነጋዴ የሚጠይቀው ነው። «ዕቃው አርጅቶ ነው የሸጥነው፤ ያረጀ ነገር ትርፍ ተብሎ ግብር የሚከፈልበት በምን ሒሳብ ነው?» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ እርጅናውን በየዓመቱ ከግብር ላይ ስንቀንሰው ቆይተናል፤ አሁን የሚጠየቀው ቀንሰነው ነገር ግን በእውነት ያላጣነው ዋጋ ነው» ብዬ መለስኩላቸው። መልሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ቁጥሩ ግን በወረቀት ላይ ካልታየ በቀር አያሳምንም።

በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የንግድ ሥራ ሀብት ሲተላለፍ የሚገኝ ጥቅም በንግድ ሥራ ገቢ ውስጥ ይደመራል፤ የሚደርስ ኪሳራ ደግሞ ተቀናሽ ይሆናል። ጥቅሙም ሆነ ኪሳራው የሚለካው በሽያጭ ዋጋውና በመዝገብ ዋጋው ልዩነት ነው። የመዝገብ ዋጋ ማለት ሀብቱ ከተገዛበት ወጪ ላይ ለግብር የተፈቀደው የእርጅና ቅናሽ ሁሉ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ተሽከርካሪ በደንብ ቁጥር 410/2009 ለብቻው የተጠቀሰ ምጣኔ ስለሌለው «ሌሎች ሀብቶች» ከሚባሉት ጋር ተመድቦ፣ በቀጥተኛ ዘዴ 15 በመቶ ወይም ዋጋው እየቀነሰ በሚሄድ ዘዴ 20 በመቶ ይቀነስለታል። ማኅበራችን የሚጠቀመው በሁለተኛው ዘዴ ነው።

አይሱዙው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲገዛ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት 1,200,000 ብር ወጥቶበታል። በግዢው ላይ የተከፈለው ታክስ በወሩ ማስታወቂያ ስለተካካሰ በወጪው ውስጥ አልገባም። የግብር ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ የመጀመሪያው ዓመት ቅናሽ 240,000 ብር ሆኖ 960,000 ቀረ፤ ከዚያ በየዓመቱ ከቀሪው ላይ 20 በመቶ እየተቀነሰ 768,000፣ ቀጥሎ 614,400፣ በሰኔ 2013 ማብቂያ ደግሞ 491,520 ብር ደረሰ። ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ላለው ግማሽ ዓመት 49,152 ብር ሲቀነስ፣ በሽያጩ ቀን የመዝገብ ዋጋው 442,368 ብር ሆነ።

የዚህን የግማሽ ዓመት ቅናሽ ነገር ባልደረቦቼ ብዙ ሲከራከሩበት እሰማለሁ። ተሽከርካሪው ሙሉ በሙሉ ለንግድ ሥራው ያገለገለ ከሆነ ግን ክርክሩ የሚከፈለውን ግብር አይለውጠውም። 49,152 ብሩን በእርጅና ቅናሽነት ከወሰድነው የመዝገብ ዋጋው በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ጥቅሙ ያድጋል፤ ካልወሰድነው ጥቅሙ በዚያው ልክ ያንሳል። ሁለቱም በአንድ ዓመት ማስታወቂያ ውስጥ ስለሚውሉ ድምሩ አንድ ነው።

ገዥው ለአይሱዙው የከፈለን በጠቅላላው 2,070,000 ብር ነበር። ማኅበሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ በመሆኑ ከዚህ ውስጥ 270,000 ብሩ 15 በመቶው ታክስ ነው፤ እርሱን ሰብስበን የምናስተላልፈው እንጂ የእኛ ገቢ አይደለም። የሽያጭ ዋጋው እንግዲህ 1,800,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ የመዝገብ ዋጋው ሲነሳ ጥቅሙ 1,357,632 ብር ይሆናል፤ የድርጅት ግብር ምጣኔ 30 በመቶ ስለሆነም በዚህ ጥቅም ምክንያት የሚመጣው ግብር 407,289.60 ብር ነው። ባንክ የገባውን ገንዘብ እንዳለ ወስዶ የሚያሰላ ሰው ጥቅሙን በ270,000 ብር ያስረዝመዋል፤ ይህም በከንቱ 81,000 ብር ግብር መክፈል ነው።

ለሥራ አስኪያጁ ነገሩ ግልጽ የሆነላቸው ጥቅሙን ለሁለት ስከፍልላቸው ነው። 757,632 ብሩ ባለፉት ዓመታት በእርጅና ስም ቀንሰን ግብሩን የተረፍንበት ገንዘብ ነው፤ በዚህ ላይ የሚከፈለው 227,289.60 ብር ቀድሞ ያልከፈልነው ግብር ነው ማለት ይቻላል። ቀሪው 600,000 ብር መኪናው ከተገዛበት ዋጋ በላይ ያወጣው ነው። ይህኛውን ጋሼ እስከ ዛሬ በደስታ አልተቀበሉትም፤ እውነት ለመናገር እኔም አልፈርድባቸውም። ያንኑ ዓይነት መኪና ለመተካት ከሸጥንበት በላይ ገንዘብ ያስፈልግ ነበርና፣ የብር አቅም መድከሙ የወለደው ልዩነት ትርፍ ተብሎ ሲታይ ለነጋዴው ይከብዳል። ሆኖም ሕጉ በተሽከርካሪ ላይ ለዋጋ ንረት የሚሰጠው ማስተካከያ የለም፤ በፈቃድ ሸጦ በገንዘቡ ሌላ መኪና መግዛትም ጥቅሙን አያስቀርም። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 286/1994 ጊዜ ሀብቶች በአንድ ምድብ ተጠቃለው የሽያጩ ገንዘብ ከምድቡ ቀሪ ዋጋ ላይ ይቀነስ ስለነበር፣ አዲስ መኪና የገዛ ነጋዴ ጥቅሙ ወዲያው አይታይበትም ነበር። ሥራ አስኪያጃችን ያስታወሱት ያንን ነው፤ አሁን ግን እያንዳንዱ ሀብት ለየብቻው ይታያል።

ወደ ፒክአፑ ልለፍ። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ከታክስ በፊት በ2,000,000 ብር ተገዝቶ፣ የመጀመሪያው ዓመት 400,000 እና የግማሹ ዓመት 160,000 ብር ተቀንሶለት የመዝገብ ዋጋው 1,440,000 ብር ላይ ሳለ ተጋጨ። የነበረው የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ስለሆነ ለራሱ ጉዳት የተከፈለ ካሳ የለም፤ ካሳ ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ ከሽያጩ ገንዘብ ጋር አብሮ ይታሰብ ነበር። በነበረበት ሁኔታ ከታክስ በፊት 1,150,000 ብር አወጣ። ኪሳራው 290,000 ብር ነው፤ ከሌላው የንግድ ገቢያችን ላይ ስለሚቀነስ ግብሩን በ87,000 ብር ያቀልለታል።

ኪሳራ ጥቅም የማያስነሳውን ጥያቄ ያስነሳልና ማስረጃው ላይ ጊዜ ወስጃለሁ። አንድ የማኅበሩ አባል ፒክአፑን በ700,000 ብር ለወንድማቸው እንድንሰጥላቸው ጠይቀው ነበር። በዝምድና ላይ የቆመ ዋጋ የገበያ ዋጋ ነው ብሎ መከራከር እንደማይቻል፣ መርማሪው በገበያ ዋጋ ሊተካው እንደሚችል አስረድቼ ለውጭ ሰው ተሸጠ። በመዝገቡ ውስጥ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት፣ ከሁለት ጋራዦች የተሰጠ የጥገና ግምት፣ የፊት አካሉና የሞተር ክፍሉ የተጨማደደበት ፎቶ፣ ሌሎች ገዥዎች በጽሑፍ ያቀረቡት ዋጋና የሊብሬው ቅጂ አብረው ታስረዋል። በፎቶው ላይ ሰሌዳው መነበብ፣ በጋራዡ ግምት ላይም የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መግጠም አለበት። አንደኛው ጋራዥ ቁጥሩን አንድ አኃዝ አዛብቶ ጽፎ ስለነበር አስመልሼ አሳርሜዋለሁ።

በአይሱዙው በኩል ፈተናው ሌላ ነበር። ደላላው ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ዋጋ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረበ፤ በከተማችን የተለመደ ነገር ነው። ገዥውም መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ስለነበር ጎን ጠርቼ፣ ውሉና ደረሰኙ 900,000 ቢሉ የእርሱም የእርጅና ቅናሽ ከ900,000 ብር እንደሚነሳ፣ የታክስ ማካካሻውም እንደሚጎድልበት፣ ነገ ሲሸጠው ደግሞ የእኛ ጥቅም የእርሱ ሆኖ እንደሚያገኘው ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ሙሉውን ዋጋ ውሉ ላይ ለማስጻፍ ከእኔ ይልቅ እርሱ ቸኮለ። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ከተመዘገበ በኋላ ስሙ ተዛወረ፤ የታክስ ደረሰኙም በውሉ ዋጋ ተቆረጠ።

ብዙ ድርጅቶች የሚሰናከሉበት ሌላው ቦታ የሒሳብ መግለጫው የመዝገብ ዋጋና የግብሩ የመዝገብ ዋጋ መለያየታቸው ነው። በእኛ የሒሳብ መግለጫ ሁለቱም መኪናዎች 10 ዓመት እንደሚያገለግሉና በመጨረሻ እያንዳንዳቸው 200,000 ብር እንደሚያወጡ ተገምቶ ነው እርጅናቸው የሚሰላው። በዚያ መሠረት አይሱዙው 750,000፣ ፒክአፑ 1,730,000 ብር ላይ ነበሩ፤ መግለጫው ያሳየው ጥቅም 1,050,000፣ ኪሳራው ደግሞ 580,000 ብር ነው። እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ወደ ግብር ማስታወቂያው የሚገለብጥ ሰው በአይሱዙው 307,632 ብር ጥቅም ይደብቃል፤ በፒክአፑ ኪሳራውን ልክ እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የመግለጫውን ጥቅም፣ ኪሳራና እርጅና በሙሉ አውጥቼ በግብሩ መዝገብ ቁጥሮች ተካኋቸው።

ስሌቴን የፈተሽኩበት መንገድ ቀላል ነው። አንድ መኪና በእጃችን በቆየበት ዘመን ሁሉ የወሰድነው የእርጅና ቅናሽ፣ ኪሳራው ተደምሮበት ወይም ጥቅሙ ተቀንሶለት፣ ከግዢና ከሽያጭ ዋጋው ልዩነት ጋር መግጠም አለበት። ለፒክአፑ 560,000 እና 290,000 ሲደመሩ 850,000 ይሆናሉ፤ 2,000,000 ሲቀነስ 1,150,000 ያው ነው። ለአይሱዙው 757,632 ሲቀነስ 1,357,632 ከዜሮ በታች 600,000 ይመጣል፤ መኪናው ከተገዛበት በ600,000 ብር በልጦ መሸጡን ይገልጻል። ይህ ካልገጠመ አብዛኛውን ጊዜ ያልተመዘገበ የአንድ ዓመት ቅናሽ አለ፣ ወይም ታክሱ ከሽያጭ ዋጋው ሳይነጠል ቀርቷል።

ሁለቱ ሲቻቻሉ ወደ ገቢያችን የተደመረው 1,067,632 ብር፣ ግብሩም 320,289.60 ብር ሆነ። የተጨማሪ እሴት ታክሱ የተከፈለው ከሽያጩ በኋላ ባለው ወር ሲሆን፣ ይህኛው ግን እስከ ጥቅምት 2015 የሚቆይ ዕዳ ነው። የአይሱዙው ገንዘብ ለምትኩ መኪና ቅድመ ክፍያ ከመውጣቱ በፊት 321,000 ብር በሌላ የባንክ ሒሳብ እንዲቀመጥ ሥራ አስኪያጁን አስፈረምኳቸው፤ እስከ ጥቅምትም አልተነካም።