49 ብር ከየት መጣች?

ትናንት ማታ ለእህቴ ልጅ የነጠላ ወለድንና የድርብ ወለድን ልዩነት ሳስረዳ አመሸሁ። ቀመሮቹን በቃሉ ይወጣቸዋል፤ ገንዘቡ ላይ የሚሆነው ነገር ግን አይታየውም። ስለዚህ ቀመሩን ወደ ጎን ትተን 10,000 ብር ባንክ አስቀመጥን፤ በወረቀት ላይ ነው እንጂ እኔ ዘንድ 10,000 ብር የለም። ወለዱን በዓመት 7 በመቶ አልነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱም 700 ብር ይወልዳሉ፤ እዚህ ላይ ልጁ «ታዲያ ምን ለያቸው?» አለኝ። በሁለተኛው ዓመት ነጠላው አሁንም 700 ብር ብቻ ያመጣል፤ የሚሰላው ሁልጊዜ በመነሻው 10,000 ብር ላይ ነዋ። ድርቡ ግን የሚሰላው በ10,700 ላይ ስለሆነ 749 ብር ያስገኛል። «ይህቺ 49 ብር ከየት መጣች?» አልኩት። እርሳሱን ነክሶ ቆየና 7 በመቶውን ከ700 ላይ አወጣው። አምና የተገኘው ወለድ ራሱ የወለዳት ናት።

ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ቀጠለ። በ5ኛው ዓመት መጨረሻ ነጠላው 13,500፣ ድርቡ 14,025 ብር ከ52 ሳንቲም ሆነ። ልዩነቱ 526 ብር አይሞላም፤ እኔም ብሆን ለዚህ ብዬ አልደነቅም። በ10ኛው ዓመት ግን 17,000 እና 19,671 ብር ደረሱ። ጊዜው እጥፍ ሲሆን ልዩነቱ ከአምስት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ወለዱ ሳይነካ ሲቀር ነው። አክስቴ በየዓመቱ ለገና የቁጠባዋን ወለድ አውጥታ ቅቤና ሽንኩርት ትገዛበታለች። ባንኩ በድርብ ወለድ ቢያስብላትም የሷ ገንዘብ የሚያድገው በነጠላው ነው፤ በየዓመቱ ከዚያው ከዋናው ላይ ይጀምራላ። ብነግራት «ታዲያ ገናን በባዶ ድስት ላሳልፍ?» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። በጊዜ ገደብ የተቀመጠ ገንዘብም ወለዱ ወደ ሌላ ሂሳብ የሚገባ ከሆነ ዋናው ባለበት ይቆማል። እንዲህ ያለ ሂሳብ የሚከፍት ሰው መጠየቅ ያለበት ስለ መቶኛው ብቻ አይደለም፤ ወለዱ የት እንደሚገባና በየስንት ጊዜው ከዋናው ጋር እንደሚደመር ጭምር ነው። ያው 7 በመቶ በየወሩ ቢደመር 10,000 ብር በ5 ዓመት 14,176 ብር ይሆናል።

ልጁ ሊተኛ ሲል ግብሩን ጨመርኩበት። ከወለዱ 5 በመቶ ለግብር ይቆረጣል ብንል 700 ብሩ 665 ይሆናል፤ በዓመት አንዴ የሚደመረው ድርብ ወለድም በ5 ዓመት 13,800 ብር ገደማ ላይ ይቆማል። «መጀመሪያውኑ ለምን አልነገርከኝም?» ብሎ ተቆጥቶ ወረቀቱን ገልብጦ በአዲስ መልክ ማስላት ጀመረ።